የምንዛሪ ኪሳራ በዕቃ ዋጋ ውስጥ አይደበቅ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በ57 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንኩ ለባንኮች ባካሄደው ጨረታ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ሳንቲም ሆነ። ከውጭ ዕቃ በዱቤ አስገብቶ የዶላር ዕዳውን ገና ላልከፈለ ነጋዴ ይህ ማለት አንድም ተጨማሪ ካርቶን ሳይቀበል ዕዳው በብር ሲለካ በአሥር ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ያ ተጨማሪ ብር በሂሳብ መዝገብ የት መቀመጥ እንዳለበት አሁንም ክርክር አለ። አንዳንድ አስመጪዎችና የሂሳብ ሠራተኞቻቸው በመጋዘን ባለው ዕቃ ዋጋ ላይ ይጨምሩታል። ሌሎች ደግሞ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ጨርሶ አይመዘግቡትም። የዚህ መጽሔት አቋም ግልጽ ነው። ሁለቱም አሠራሮች ስህተት ናቸው። የምንዛሪ ኪሳራ ተመኑ በተቀየረበት የሂሳብ ዓመት፣ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ፣ በራሱ ስም መታየት አለበት። ይህን የምንለው የሂሳብ ደረጃው ስለሚያዝ ብቻ አይደለም። ኪሳራውን መደበቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ራሱን አስመጪውን እንደሆነ ስለምናምን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት 100,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከቻይና አዘዘ እንበል። በግንቦት 2016 ዓ.ም 20,000 ዶላሩን በቅድሚያ ላከ፤ የዕለቱ ተመን 57 ብር ስለነበረ ከሂሳቡ 1,140,000 ብር ወጣ። ቀሪው 80,000 ዶላር ዕቃው ከተጫነ ከሦስት ወር በኋላ የሚከፈል የሻጭ ዱቤ ነው። ውሉ ኤፍኦቢ ሻንጋይ ይላል፤ ስለዚህ ዕቃው ሰኔ 3 ቀን መርከብ ላይ ሲጫን ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ተሻገረ። የዚያ ቀን ተመን 57 ብር ከ25 ሳንቲም ቢሆን፣ 80,000 ዶላሩ 4,580,000 ብር ሆኖ በአንድ በኩል በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ፣ በሌላ በኩል ለሻጭ ተከፋይ ተብሎ ይመዘገባል። ቅድመ ክፍያው ሲደመርበት የዕቃው የግዢ ዋጋ 5,720,000 ብር ይሆናል። ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱና ቀረጡ በየራሳቸው ሂሳብ በኋላ ይታከሉበታል።

ሰኔ 30 ቀን የሂሳብ ዓመቱ ተዘጋ። በዚያ ዕለት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእነዚህ ሂሳቦች መካከል በውጭ ገንዘብ የሚከፈለው ወይም የሚሰበሰበው የትኛው ነው? ለሻጩ ያልተከፈለው 80,000 ዶላር ነው። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይኤኤስ 21 ይህን ገንዘብ ነክ ሂሳብ ይለዋል፤ በዓመቱ መዝጊያ ተመንም እንደገና ይሰላል። የሰኔ 30 ተመን 57 ብር ከ60 ሳንቲም ቢሆን ዕዳው 4,608,000 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው የሚበልጠው 28,000 ብር የ2016 የምንዛሪ ኪሳራ ነው። ዕቃው ግን ዶላር አይደለም፤ ዕቃ ነው። በተገዛበት ዋጋ 5,720,000 ብር ላይ ይቆያል።

ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ። ዕዳው መስከረም 2017 ላይ ሲከፈል ተመኑ 112 ብር ነበር እንበል። 80,000 ዶላሩን ለመግዛት 8,960,000 ብር ወጣ። በሰኔ 30 መዝገብ ላይ የነበረው 4,608,000 ብር ሲቀነስ 4,352,000 ብር ይቀራል። ይህ የ2017 ኪሳራ ነው። ከዕቃው የግዢ ዋጋ ሦስት አራተኛው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ባለቤት ሊያሳንሰው ቢመኝ አንፈርድበትም። መዝገቡ ግን ምኞቱን ሊከተል አይችልም።

ብዙዎች ዕዳቸው በ57 ብር ሂሳብ ታስሯል ብለው ያምኑ የነበረው ኤልሲ ሲከፍቱ ወይም ዱቤው ሲጸድቅ ባንክ ውስጥ ብር ስላስያዙ ነው። ብር ማስያዝ ግን ዶላር መግዛት አይደለም። ባንኩ የውጭ ገንዘቡን በዚያ ቀን ተመን ለመሸጥ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር፣ የተያዘው ብር በአስመጪው ስም ያለ የብር ሀብት ሆኖ ይቀጥላል፤ ዕዳውም የዶላር ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ተመኑ ሲዘል የሚዘለው ዕዳው ብቻ ነው። በምሳሌያችን ያለው ድርጅት 4,600,000 ብር አስይዞ ቢሆን ኖሮ እንኳ መስከረም ላይ 4,360,000 ብር መጨመር ነበረበት። ሁለቱን ሂሳቦች አቻችሎ በመዝገቡ ላይ ዕዳ እንደሌለበት ያሳየ አስመጪ ዱብዳው የደረሰበት ከባንኩ በመጣ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። ኪሳራውን በዕቃው ዋጋ ላይ የሚጭነው ድርጅት ክምችቱን 10,100,000 ብር ብሎ ይመዘግባል። ግማሹ ዕቃ እስከ ሰኔ 2017 ቢሸጥ፣ ከ4,380,000 ብሩ ኪሳራ ግማሹ ከተሸጠው ዕቃ ወጪ ጋር ያልፋል፤ ቀሪው 2,190,000 ብር መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ ሀብት መስሎ ይቀመጣል። ገንዘቡ ከድርጅቱ ወጥቶ ቻይና ከደረሰ ወራት ሆኖታል፤ መዝገቡ ግን አሁንም እንዳለ ይቆጥረዋል። የዓመቱ ትርፍ በዚያው ልክ ያብጣል። ባለአክሲዮኖች ከሌለ ትርፍ ድርሻ ይጠይቃሉ፤ ባንክም ያንን ክምችት መያዣ አድርጎ ያበድራል።

ይህን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ በቁም ነገር ሊታይም ይገባዋል። «ብር ሲዳከም ዕዳዬ ብቻ አይደለም የጨመረው፤ የዕቃዬም የገበያ ዋጋ አብሮ ጨምሯል። ኪሳራውን ዛሬ፣ ጥቅሙን ዕቃው ሲሸጥ የምታሳዩኝ ለምንድን ነው?» ይላሉ። ይህ ሐሳብ በአንድ ወቅት በዓለም አቀፉ ደረጃ ውስጥም ቦታ ነበረው። በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአይኤኤስ 21 ቅጂ፣ ገንዘቡ በከፍተኛ ሁኔታ ከተዳከመ፣ ራስን መከላከያ መንገድ ካልነበረና ዕቃው በቅርቡ የተገዛ ከሆነ፣ ኪሳራውን በዕቃው ዋጋ ላይ መጨመርን በአማራጭነት ይፈቅድ ነበር። በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ፣ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል የነበሩ የሂሳብ ባለሙያዎች ይህ አማራጭ ለምን እንዳጓጓ ይገባቸዋል። ነገር ግን ደረጃው በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ሲከለስ አማራጩ ተሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም።

ስረዛው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። አንድ ዓይነት መለዋወጫ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መርከብ ያስመጡ ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል። አንዱ ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል፤ ሌላው በዱቤ ወስዷል። ዕቃው አንድ ነው፤ ገበያውም አንድ ነው። የሁለተኛው ነጋዴ ዕቃ ከመጀመሪያው እጥፍ ሊጠጋ የተገዛ ሆኖ ከታየ መዝገቡ ስለ ዕቃው ሐሰት ተናግሯል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ከዕቃው ሳይሆን ዕዳን በዶላር ይዞ ከመቆየት ውሳኔ ነው። ያ ውሳኔ የራሱ ውጤት አለው፤ ውጤቱም በራሱ መስመር ላይ መነበብ አለበት። የዕቃው ዋጋ ንረት ጥቅም ደግሞ አይጠፋም፤ ሽያጩ ሲፈጸም በትርፍ ይታያል። ኪሳራው በአንዱ ዓመት፣ ትርፉ በሚቀጥለው ቢወድቅ ያማል። ሕመሙን ግን በማብራሪያ ማስረዳት እንጂ ቁጥሩን በማዛወር ማስታገስ አይቻልም።

በተቃራኒው በኩል ሐሰተኛ ትርፍም እየተመዘገበ ነው። በምሳሌያችን በግንቦት የተላከው 20,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ አለ። በአንዳንድ መዝገቦች ይህ ሂሳብ በዶላር ስለተላከ ብቻ በአዲሱ ተመን እንደገና ይሰላል፤ 20,000 በ55 ብር ልዩነት ሲባዛ 1,100,000 ብር የምንዛሪ ትርፍ ተብሎ ይታያል። ይህ ፈጽሞ የሌለ ትርፍ ነው። ድርጅቱ ከሻጩ የሚጠብቀው ዕቃ እንጂ ዶላር አይደለም፤ ስለዚህ ቅድመ ክፍያው በተላከበት ቀን ተመን ቆሞ ይቀራል። ሁኔታው የሚለወጠው ሻጩ ዕቃውን መላክ አቅቶት ገንዘቡን በዶላር ሊመልስ ሲስማማ ነው። ያኔ ሂሳቡ የሚሰበሰብ ዶላር ስለሚሆን በየመዝጊያው ተመን ይሰላል።

ሌላው መደበቂያ ቀን ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚሠራ ስህተት ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ብዙ የሂሳብ ክፍሎች ግዢውን የሚመዘግቡት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሲደርሳቸው ነው፤ ሁሉም ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ይቀላቸዋል። የምሳሌያችን ዕቃ ሰኔ 3 ሻንጋይ ላይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዲክላራሲዮኑ የተመዘገበው በሐምሌ መጨረሻ ቢሆንና ለቀረጥ የተሰላበት ተመን 85 ብር ቢሆንስ? በዲክላራሲዮኑ የሚመዘግብ ድርጅት 80,000 ዶላሩን 6,800,000 ብር ብሎ ይጽፈዋል። ድርጅቱ ሳያስበው ዕቃው በ2,220,000 ብር ወፈረ፤ በዚያው ልክ የምንዛሪ ኪሳራ ተሰወረ። ከዚያም በላይ ሰኔ 30 ላይ ድርጅቱ ንብረቱ የነበረውን ዕቃም ሆነ የነበረበትን ዕዳ አላሳየም። የጉምሩኩ ተመን ለቀረጥ ስሌት ነው። በእርሱ መሠረት የተከፈለው ቀረጥ በብር የወጣ እውነተኛ ወጪ ስለሆነ የዕቃው ዋጋ አካል ይሆናል። ለሻጩ የሚከፈለው ዕዳ ግን የሚመዘገበው ኃላፊነቱ በተሻገረበት ቀን ተመን ነው፤ ያንን ቀን የሚናገረው የመርከብ ጭነት ሰነዱና የሽያጭ ውሉ ነው።

ኪሳራ በዕቃ ውስጥ መደበቁን ለማወቅ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። የክምችቱን የግዢ ዋጋ፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር፣ በኢንቮይሱ ላይ ላለው ዶላር ማካፈል ይበቃል። በምሳሌያችን ትክክለኛው መዝገብ 57 ብር ከ20 ሳንቲም ይሰጣል፤ ዕቃው በተገዛበት ሰሞን የነበረ ተመን ነው። የተበከለው መዝገብ 101 ብር ይሰጣል። ሰኔ 2016 ላይ በየትኛውም ባንክ ሰሌዳ ያልነበረ ቁጥር ነው። ይህን ማካፈል ሳይሠራ የአስመጪን መዝገብ የፈረመ ኦዲተር ሥራውን ጨርሷል ብለን አናምንም።

የሐምሌ 22 ውሳኔ የመጣው አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ድርጅቶች የ2016ን ሂሳብ በዘጉ በአራተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ ታላቁ ኪሳራ የ2016 አይደለም። የሰኔ 30 ዕዳ በሰኔ 30 ተመን ይሰላል፤ የሐምሌውን ተመን ወደኋላ ስቦ የ2016ን ትርፍ መቀነስ አይቻልም። በዚህ ብዙዎች ይስማማሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ብዙዎች ይዘሉታል። አይኤኤስ 10 ከሂሳብ መዝጊያ በኋላ የሚከሰት ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥን በስም ጠቅሶ፣ ቁጥሩን ባይቀይርም በማብራሪያ መገለጽ ካለባቸው ክስተቶች ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሂሳቡ የተጠናቀቀው ደግሞ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ እስከሚያበቃበት ጥቅምት 30 ድረስ ባሉት ወራት ነው። በእነዚያ ወራት ዶላር ከ100 ብር ማለፉን ያላወቀ ሥራ አስኪያጅም ሆነ ኦዲተር በአገሪቱ አልነበረም።

ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ እያለበት የ2016 ሂሳቡን ያለዚህ ማብራሪያ ያወጣ ድርጅት አንባቢውን አሳስቷል። የተፈለገው ጥቂት መስመር ነበር፤ በሰኔ 30 ስንት ዶላር ዕዳ እንደነበረ፣ ተመኑ ከዚያ በኋላ ስንት እንደደረሰና ውጤቱ በብር ስንት እንደሚገመት። የድርጅቱ የተጣራ ሀብት 4,000,000 ብር ቢሆን ደግሞ 4,352,000 ብሩ ሁሉን ጠራርጎ ይወስደዋል። ያኔ ጥያቄው ከማብራሪያ አልፎ ድርጅቱ ሥራውን ይቀጥላል ወይ የሚል ይሆናል፤ መቀጠል የማይችል ከሆነም የሂሳቡ መሠረት ራሱ ይለወጣል። ይህን ፈተና ሳያደርጉ የፈረሙ ኦዲተሮች ተጠያቂ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም የአስመጪዎችን የ2016 መግለጫ ሲገመግም ከሁሉ በፊት ይህንን ማብራሪያ መፈለግ አለበት እንላለን።

ለአስመጪዎች የምንናገረው ደግሞ ከወገንተኝነት ነው። ከሐምሌ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ዋጋ ያለአግባብ ጨምራችኋል ተብለው ሱቃቸው የታሸገባቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ዕቃውን በ57 ብር ከፍሎ የጨረሰና የተገኘውን አጋጣሚ የተጠቀመ ይኖራል። መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ዕዳ ገና በ112 ብር የሚከፍልም ነበረ። ሁለቱን መለየት የሚችለው የሂሳብ መዝገብ ብቻ ነው። የዶላር ዕዳውን በየዕለቱ ተመን ያሰላ፣ ኪሳራውን ለብቻው ያሳየ ነጋዴ ለተቆጣጣሪው የሚያቀርበው ሰነድ አለው። ሁሉንም ዕቃው ውስጥ የጨመረው ግን፣ «ይህን ዕቃ በስንት ገዛኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከኢንቮይሱ ጋር የማይገጥም ቁጥር ይዞ ይቆማል።

ከፍሎ የጨረሰው ነጋዴም ቢሆን መዝገቡን በትክክል ሊያነብ ይገባል። በ5,700,000 ብር የገዛውን ዕቃ በ11,000,000 ብር ቢሸጥ የሚያየው 5,300,000 ብር የሽያጭ ትርፍ ነው፤ የምንዛሪ ትርፍ አይደለም። ሌሎች ወጪዎችን ለጊዜው ብንተዋቸው እንኳ 30 በመቶው፣ 1,590,000 ብሩ፣ ለግብር ይሄዳል። ያንኑ ዕቃ በ112 ብር ተመን ለመተካት ግን 11,200,000 ብር ያስፈልጋል። ከሽያጩ የቀረው 9,410,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ለባለአክሲዮኖች ድርሻ ያከፋፈለ ድርጅት ቀጣዩ ትዕዛዙ ከቀደመው ያነሰ ይሆናል። መዝገቡ ትልቅ ትርፍ ያሳየበት ዓመት የድርጅቱ አቅም የቀነሰበት ዓመት ሊሆን እንደሚችል የቦርድ አባላት ድርሻ ከመወሰናቸው በፊት ሊነገራቸው ይገባል።

ባንኮችም ከዚህ ፍርድ ነፃ አይደሉም። ለአስመጪ ሲያበድሩ የመጋዘን ክምችት ዝርዝር ይጠይቃሉ፤ ያልተከፈለ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ዝርዝር የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ዱቤውን ያጸደቀውና የሚያስተላልፈው ራሱ ባንክ ስለሆነ መረጃው በእጁ አለ። የንግድ ክፍሉ የሚያውቀውን ዕዳ የብድር ክፍሉ ሳያውቅ ብድር ማጽደቅ መቆም አለበት።

ከእያንዳንዱ አስመጪ የምንጠብቀው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ከሚቀጥለው ግዢ ጀምሮ ሊሞላ ይችላል። ለእያንዳንዱ ኢንቮይስ የዶላሩ መጠን፣ ዕቃው የተጫነበት ቀንና የዚያ ቀን ተመን፣ የሰኔ 30 ተመን፣ የተከፈለበት ቀንና ባንኩ በእርግጥ የሸጠበት ተመን ይጻፍበት። ዕዳ የሚከፈለው ባንኩ በሚሸጥበት ተመን ስለሆነ መዝጊያውም በመሸጫው ተመን ይሰላ። የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ከምንዛሪ ልዩነቱ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ። በክፍያ የተዘጋው ኪሳራና ገና ክፍት ባለ ዕዳ ላይ የተሰላው ኪሳራ በተለያየ ዓምድ ይግቡ፤ የግብር ሂሳቡ ሲዘጋጅ የሁለቱ አያያዝ በየራሱ ስለሚመረመር ያኔ ወደኋላ ተመልሶ መለየት እጅግ ከባድ ነው። ይህ ሠንጠረዥ በየወሩ መጨረሻ ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብለት፤ አዲስ ዱቤ የሚፈርመውም እርሱን አይቶ ይሁን።